አሠሪ የሚሰጠው ቤት፣ ምግብና መኪና፤ ግብሩስ?



እዚህ አሜሪካ ከሚኖረው የእኛ ሰው በሆቴል፣ በሬስቶራንት፣ በአፓርታማ ሕንፃ አስተዳደርና ጥገና፣ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የሚተዳደረው ጥቂት አይደለም። በእነዚህ ሥራዎች አሠሪው ከደመወዙ ሌላ የሚሰጠው ነገር አይጠፋም። አንዱ ከሕንፃው ውስጥ መኖሪያ ይሰጠዋል፤ ሌላዋ ምሳዋን እዚያው ትበላለች፤ ሦስተኛው የኩባንያውን መኪና እየነዳ ቤቱ ይገባል። ሁላቸውም “ይህ እኮ ደመወዝ አይደለም፣ የአሠሪው ቸርነት ነው” ይላሉ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ አይ.አር.ኤስ.፣ ግን ቸርነት የሚለውን ነገር ከአሠሪ ወደ ሠራተኛ ሲሄድ በቀላሉ አያምንም። ዛሬ የምናገረው መቼ እንደሚያምንና መቼ እንደማያምን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ክፍለ ሀገር ግብር አልናገርም፣ የማወራው ስለ ፌዴራሉ ነው።

መነሻው የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 61 ነው። ሰው ለሠራው ሥራ የሚያገኘው ዋጋ፣ በጥሬ ገንዘብም ይሁን በዕቃ ወይም በአገልግሎት፣ ሕግ ለይቶ ካልማረው በቀር ገቢ ነው ይላል። አገር ቤትም ያለው አስተሳሰብ ከዚህ አይርቅም፤ በ2016 የወጣው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በዓይነት የሚሰጥ ጥቅምን ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ውስጥ ያስገባል። ምክንያቱ ለሁለቱም አገር አንድ ነው። አንዲት ሴት በዓመት 60 ሺህ ዶላር እየተከፈላት ከዚያው ላይ 20 ሺህ ለቤት ኪራይ ታወጣለች እንበል። ጎረቤቷ 40 ሺህ ዶላር ይከፈለዋል፣ 20 ሺህ የሚያወጣውን ቤት ደግሞ አሠሪው ይሰጠዋል። ኑሯቸው እኩል ነው። ግብር ጥሬ ገንዘቡን ብቻ ቢያይ ኖሮ እሷ በ60 ሺህ፣ እሱ በ40 ሺህ ይገመቱ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ብልጥ አሠሪ ሁሉ ደመወዙን በቤትና በመኪና መክፈል ይጀምር ነበር።

ጥቅሙ የሚገመተው በገበያ ዋጋው ነው፤ ማለትም ያው ነገር ከማያውቁት ሰው ቢከራዩት ወይም ቢገዙት በሚከፍሉት ልክ። አሠሪው ምን ያህል አወጣበት የሚለው ዋናው ነገር አይደለም። ሕንፃው የራሱ ሆኖ ክፍሉ ባዶውን ሊቀመጥ የነበረ ቢሆንም፣ ለአሠሪው አንዲት ሳንቲም ባያስወጣውም፣ ለሠራተኛው የሚገመተው በአካባቢው ኪራይ ልክ ነው። ሠራተኛው ከፊሉን ከከፈለ የከፈለው ይቀነስለታል።

ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ከደረሰባቸው ታሪኮች የምወደው የሆኖሉሉው ነው። አርተር ቤናግሊያ የሚባል ሰው በሃዋይ የሮያል ሃዋይያን ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነበር። ከሚስቱ ጋር እዚያው ሆቴል ውስጥ ይኖራል፣ እዚያው ይመገባል፣ ምንም አይከፍልም። ግብር ሰብሳቢው ይህን አይቶ ለ1933 እና ለ1934 በእያንዳንዱ ዓመት ገቢው ላይ 7,845 ዶላር ጨመረበት። የ1933 የጥሬ ገንዘብ ደመወዙ 9,625 ዶላር ብቻ እንደነበር ስታስቡ የጭማሪው ክብደት ይገባችኋል። ቤናግሊያ ተከራከረ፤ የግብር ይግባኝ ጉባኤውም በ1937 ፈረደለት። ሥራ አስኪያጁ በማንኛውም ሰዓት ለእንግዳ መገኘት ስላለበት ሆቴሉ ውስጥ የሚኖረው ለራሱ ምቾት ሳይሆን ለሆቴሉ ሥራ ነው አለ ጉባኤው። ከዳኞቹ መካከል ግን ያልተስማሙ ነበሩ። ሰውየው ሌላ ሆቴልና የጎልፍ ክበብ ጭምር ያስተዳድር ስለነበር ሁልጊዜ እዚያ አልነበረም፤ ከመቀጠሩ በፊት በተጻጻፉት ደብዳቤም መኖሪያውና ምግቡ እንደ ክፍያው አካል ተቆጥሯል የሚል ነበር መከራከሪያቸው። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳምኑኝ እነዚህ ናቸው። በባሕር ዳርቻ ያለ ቅንጡ ሆቴል ውስጥ መኖር ለሥራው ግድ ቢሆንም ለሰውየውም ጥቅም ነበረው።

የጉባኤው ሐሳብ ግን አሸነፈ። በ1954 የአሜሪካ ምክር ቤት የግብሩን ሕግ እንደ አዲስ ሲጽፍ አንቀጽ 119ን አስገባ፤ ዛሬም የሚሠራው እሱ ነው። መኖሪያ ከግብር ነፃ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ መኖሪያው የአሠሪው የሥራ ቦታ ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የተሰጠው ለአሠሪው ሥራ ሲባል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው እዚያ መኖሩ ለመቀጠሩ ግዴታ መሆን አለበት፤ ግዴታውም በወረቀት ብቻ ሳይሆን እዚያ ካልኖረ ሥራውን በአግባቡ መወጣት ስለማይችል ነው። ሦስቱም ከተሟሉ የቤቱ ዋጋ ዜሮ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሙሉ ኪራዩ ገቢ ይሆናል። መካከለኛ የለም። ሕጉ “ግማሹ ለሥራ፣ ግማሹ ለራስህ” ብሎ ቢያካፍል ይሻል ነበር እላለሁ፤ የተጻፈው ግን እንደዚያ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ነው። በ1966 የተወሰነ ጉዳይ አለ፤ አንደርሰን የሚባል የሞቴል ሥራ አስኪያጅ አሠሪው በሰጠው ቤት ይኖር ነበር። ቤቱ ከሞቴሉ የሚርቀው ሁለት አጫጭር መንገድ ብቻ ነው፤ ሌሊት ሲጠሩት ይደርሳል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ቅርብ መሆን በሥራ ቦታው ላይ መሆን አይደለም አለና ኪራዩ ገቢ ሆነ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1973 ሊንድማን የተባለ የፍሎሪዳ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ተመሳሳይ ክርክር ይዞ ቀረበ። የእሱ ቤት ከሆቴሉ መንገድ ማዶ ነው፤ የቆመውም ከሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ጎን በሚገኝ ቦታ ላይ ነው፤ እሱም በቀንም በሌሊትም ለጥሪ ዝግጁ ነው፣ ከቤቱ ሆኖም የሆቴሉን ሥራ ይሠራል። እሱ ተፈረደለት። ልዩነቱ በሜትር የሚለካ ብቻ አይደለም። የሊንድማን ቤት ከሆቴሉ ግቢ ጋር የተያያዘና ሥራው የሚሠራበት ሲሆን፣ የአንደርሰን ግን በሰፈሩ ውስጥ እንዳለ ማንኛውም መኖሪያ ነበር።

ስለዚህ የአፓርታማ ሕንፃ ኃላፊ የሆናችሁ፣ ከምታስተዳድሩት ሕንፃ ውስጥ ክፍል ከተሰጣችሁ መነሻችሁ ጥሩ ነው። ባለንብረቱ በሌላ ሰፈር ካለው ሕንፃው ክፍል ሰጥቷችሁ ከሆነ ግን የሥራ ቦታችሁ ያ አይደለም። በሰው ቤት እየኖሩ የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞችም ቀጣሪያቸው የቤቱ ባለቤት ራሱ ሲሆን ያ ቤት እንደ ሥራ ቦታ እንደሚቆጠር የግብር ደንቡ በግልጽ ያስቀምጣል።

ሦስተኛው መመዘኛም የራሱ ወጥመድ አለው። አሠሪው “ከፈለግህ እዚህ ኑር፣ ካልፈለግህ በወር ይህን ያህል የቤት አበል እጨምርልሃለሁ” ካለ ነገሩ አበቃ። ምርጫ ያለበት ነገር ግዴታ ሊሆን አይችልም፤ ሠራተኛው ቤቱን ቢመርጥም ኪራዩ ገቢ ይሆናል፣ አበሉን ቢመርጥ ደግሞ ያው ጥሬ ገንዘብ ነው። አሠሪው ደግ ሆኖ ያቀረበው ምርጫ ሠራተኛውን ግብር ያስከፍለዋል ማለት ነው። በውሉ ላይ “እዚህ መኖር ግዴታ ነው” የሚል ቃል ማስገባት ይረዳል፤ ቃሉ ብቻውን ግን አያድንም። መርማሪው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሌሊት የሚጠራህ ማን ነው? ቧንቧ ሲፈነዳ ማን ወረደ? ካንተ በፊት በዚህ ሥራ የነበረው ሰው የት ይኖር ነበር? ከዚያ በፊት የነበረው ሠራተኛ ውጭ እየኖረ ሥራው ተሠርቶ ከሆነ፣ “ካልኖርኩ አይሆንም” ማለት ይከብዳል።

ምግብን በአጭሩ ልለፈው። ምግብም በሥራ ቦታ ለአሠሪው ሥራ ሲባል ከተሰጠ ነፃ ነው፤ የመኖሪያውን ያህል ጥብቅ የግዴታ መመዘኛ የለውም። ለሬስቶራንት ሠራተኞች ደንቡ ለጋስ ነው፤ በሚሠሩበት የምግብ ሰዓት ውስጥ፣ ወይም ከዚያ ልክ በፊትና በኋላ የሚሰጣቸው ምግብ አይቆጠርባቸውም። የሚቆጠረው ምግቡ ገንዘብ ሲሆን ነው። በ1977 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒው ጀርሲ የመንገድ ፖሊስ የሆነውን የሮበርት ኮዋልስኪን ጉዳይ ወሰነ። ፖሊሶቹ በጥበቃ ቀጠናቸው ውስጥ በየመንገዱ ባሉ ምግብ ቤቶች እንዲበሉ ነበር የሚፈለገው፤ ለዚህም የምግብ አበል በገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ኮዋልስኪ በ1970 ከተቀበለው 1,697 ዶላር ከ54 ሳንቲም ውስጥ በግብር ማስታወቂያው ላይ የጻፈው 326 ዶላር ከ45 ሳንቲም ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕጉ ነፃ ያደረገው ምግብን እንጂ የምግብ ገንዘብን አይደለም አለ፤ አበሉ በሙሉ ገቢ ሆነ። ከደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ በየሁለት ሳምንቱ “ምሳ” ተብሎ የሚጨመር ቋሚ ገንዘብ ካያችሁ የኮዋልስኪ ዘመዶች ናችሁ።

መኪናው ከሁለቱ የተለየ ስሌት አለው፤ እዚህ ሕጉ እኔ ለቤቱ በተመኘሁት መንገድ ያካፍላል። መኪናው ለሥራ የተነዳበት ነፃ ነው፣ ለግል የተነዳበት ገቢ ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት መሄድ ደግሞ ግል ነው። ይህን ብዙ ሰው አያምንም፤ “ሥራ እየሄድኩ ነው እኮ” ይላል። ግን የራሱ መኪና ያለው ሠራተኛም በራሱ ወጪ ነው የሚሄደው።

ከሚፈቀዱት የግመታ መንገዶች በብዛት የሚያገለግለው የአይ.አር.ኤስ. ሰንጠረዥ ነው። መኪናው ለሠራተኛው በተሰጠበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ይታያል፤ ሰንጠረዡ ለዚያ ዋጋ የዓመት ኪራይ ይሰጣል። ከ30,000 እስከ 31,999 ዶላር ለሚያወጣ መኪና የዓመቱ ኪራይ 8,250 ዶላር ነው። ኢንሹራንስና ጥገና በዚህ ውስጥ ተካቷል፤ ቤንዚን ግን አልተካተተም፣ አሠሪው ከሞላ ለእያንዳንዱ የግል ማይል 5.5 ሳንቲም መጨመር ይቻላል። ከዚያ የዓመቱ ኪራይ በግል ማይል ድርሻ ይባዛል። ለዚህ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል፦ ቀኑ፣ የተሄደበት ቦታ፣ የሥራው ምክንያት፣ ማይሉ። መዝገብ የሌለው ሰው ሙሉው 8,250 ገቢው ሆኖ ቢጻፍበት የሚመልሰው ነገር የለውም።

ቀለል ያለ መንገድም አለ። አሠሪው ለሥራው ሲል ሠራተኛው መኪናውን ይዞ እንዲገባ ካዘዘና ከመመላለስ ሌላ የግል ጥቅም በጽሑፍ ከከለከለ፣ ክልከላውም በተግባር ከተከበረ፣ መመላለሱ በአንድ ጉዞ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይቆጠራል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ለሚመላለስ ሰው 750 ዶላር ማለት ነው። የኩባንያው ባለቤቶችና ከፍተኛ ኃላፊዎች ግን በአብዛኛው ይህ መንገድ ተዘግቶባቸዋል።

አሁን ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ እንየው። ሰውየው ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው። ያላገባ፣ የአንድ አፓርታማ ሕንፃ ኃላፊ ነው። ደመወዙ በዓመት 52,000 ዶላር። አሠሪው በወር 1,800 ዶላር የሚከራይ ክፍል ሰጥቶታል፤ በዓመት 21,600 ይሆናል። 30,500 ዶላር የሚያወጣ መኪናም አለው፤ በዓመት 12,000 ማይል ከነዳው 3,000ው ለግሉ ነው፤ መዝገብ ይዟል፣ ቤንዚኑን አሠሪው ይሞላል። የምጠቀመው የ2025ን የግብር መጠን ነው፤ ለነጠላ ሰው ከገቢው አስቀድሞ 15,750 ዶላር መደበኛ ተቀናሽ ይነሳለታል።

መኪናው በቀላሉ ይወጣል። 3,000 ከ12,000 ሩብ ነው፤ የ8,250 ሩብ 2,062 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ቤንዚኑ 165 ዶላር። ተደምሮ 2,227 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገቢው ላይ ይጨመራል።

ክፍሉ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከሆነና ሦስቱም መመዘኛዎች ከተሟሉ፣ ለቤቱ የሚጨመር የለም። የተመዘገበ ደመወዙ 54,227 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ተቀናሹ ሲወጣ ግብር የሚከፈልበት 38,477 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የገቢ ግብሩ ወደ 4,379 ዶላር ነው።

አሁን ያንኑ ክፍል ሁለት መንገድ አሻግረን ከሌላ ሕንፃ እንስጠው። ሰውየው ያው፣ ሥራው ያው፣ በእጁ የሚገባው ጥሬ ገንዘብም ያው። 21,600ው ግን ተጨመረ። ግብር የሚከፈልበት ገቢው 60,077 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደረሰ፤ 48,475 ካለፈ በኋላ ያለው ደግሞ በ12 በመቶ ሳይሆን በ22 በመቶ ነው የሚሰላው። ግብሩ ወደ 8,131 ዶላር ወጣ፤ ልዩነቱ 3,752 ገደማ ነው። ገና አላለቀም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከሠራተኛው 7.65 በመቶ ይቆረጣል፣ በ21,600 ላይ ይህ 1,652 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። በድምሩ በዓመት ከ5,400 ዶላር ይበልጣል፤ በወር 450 ገደማ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚነሳው ከጥሬ ገንዘቡ ነው፤ ከቤቱ ላይ ሳሎኑን ቆርጦ ለግብር መስጠት አይቻልማ።

ከዚህ በኋላ “ነፃ ቤት” የሚለውን አባባል ስትሰሙ ሒሳቡን አስቡ። ቤቱ አሁንም ይጠቅመዋል፤ 450 ከፍሎ የ1,800 ዶላር ቤት ውስጥ ይኖራል። ችግሩ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ገቢው በወረቀት ላይ ከፍ ስላለ ለጤና መድን ከመንግሥት የሚያገኘው ድጎማ ሊቀንስ ይችላል፤ ልጅ ያለው ዝቅተኛ ደመወዝተኛም የሚያገኘው የግብር ተመላሽ እንዲሁ ሊነካበት ይችላል። በሌላ በኩል ነፃ የሆነው ቤት የራሱ ጎደሎ አለው። በአንቀጽ 119 ነፃ የሆነ መኖሪያ ለሶሻል ሴኩሪቲ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር የጡረታ አበሉ በጥሬ ገንዘብ ደመወዙ ብቻ ይሰላል። ዕድሜውን ሙሉ ትንሽ ደመወዝና ቤት ይዞ የሠራ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤቱንም ያጣል፣ አበሉም ትንሽ ይሆናል። ይህን የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም።

አንዳንድ አሠሪ “ግብሩን እኔ እከፍልልሃለሁ” ይላል። መልካም ነው፤ ግን አሠሪው የከፈለለት ግብር ራሱ የሠራተኛው ገቢ ነው፤ በእሱም ላይ ግብር አለ። ስለዚህ 5,400 ዶላሩን ለመሸፈን አሠሪው ከ5,400 በላይ ማውጣት አለበት፤ ይህን ካላሰላው የቀረው ሠራተኛው ላይ ይወድቃል።

ታዲያ የእናንተ ጥቅም እንዴት እንደተቆጠረ በምን ታውቃላችሁ? በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጣችሁን የደመወዝ ማስታወቂያ፣ ደብልዩ-ቱ የምንለውን፣ ከመጨረሻው የክፍያ ወረቀት ጋር አስተያዩ። ሣጥን 1 ለገቢ ግብር የሚቆጠረውን ደመወዝ፣ ሣጥን 3 ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሣጥን 5 ለሜዲኬር የሚቆጠረውን ይይዛሉ። ለጡረታ ቁጠባ ወይም ለጤና መድን የሚቆረጥ ካለ ሣጥኖቹ እርስ በርስ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ያን ለዩት። ከተከፈላችሁ ጥሬ ገንዘብ የሚበልጥ ቁጥር ካያችሁ ጭማሪው ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ አንዳንድ አሠሪ በሣጥን 14 ይጽፈዋል። የኩባንያ መኪና ለግላችሁ እየነዳችሁ፣ ወይም ከሥራ ቦታ ውጭ በተሰጠ ቤት እየኖራችሁ ምንም ጭማሪ ከሌለ ደግሞ ደስ አይበላችሁ። አሠሪው ረስቶት ይሆናል፤ ማስታወቂያው ላይ አለመጻፉ ግን እናንተን ገቢውን ከማሳወቅ ነፃ አያደርጋችሁም።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ሕንፃው ውስጥ በግዴታ የሚኖር ሰው ኪራዩ በስህተት ገቢ ተደርጎበት ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ አሠሪው የታረመ ደብልዩ-ቱ እንዲያወጣ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ግብሩ ቀድሞ ተከፍሎ ከሆነም በተሻሻለ ማስታወቂያ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም በመደበኛው ማስታወቂያው ከገባበት ቀን ሦስት ዓመት አለ። ሲጠየቅ የሚቀርበው የቅጥር ውል፣ የክፍሉ አድራሻ፣ በሌሊትና በእረፍት ቀን የተጠራባቸው የጥሪ መዝገቦች ናቸው። እነዚህን አሁኑኑ ሰብስቦ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሥራ ከለቀቁ በኋላ ከቀድሞ አሠሪ የጥሪ መዝገብ ማግኘት ቀላል አይደለም።